12 ዓመት ሠርቼ እንደገና ጀማሪ ልሁን?

«ጤና ይስጥልኝ። 35 ዓመቴ ነው። ላለፉት 12 ዓመታት ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና ላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን የስምንት ሰዎች ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ወደ ሶፍትዌር ሥራ ገብታ ዛሬ የኔን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ደመወዝ ታገኛለች። እኔም ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ መማር ጀምሬያለሁ፤ ወድጄዋለሁም። ግን ሥራዬን ለቅቄ ብገባበት ከዜሮ ነው የምጀምረው። ኃላፊነቴ፣ እርከኔ፣ የአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ ይቀራል። በአሥር ዓመት የምበልጣቸው ልጆች አለቆቼ ሊሆኑ ነው። ባለቤቴ ‹አንቺ ካመንሽበት› ይለኛል፤ ፊቱ ላይ ግን ስጋቱን አያለሁ። ያዋጣኛል ወይስ ጊዜው አልፎብኛል? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም በ34 ዓመቴ ሙያ ቀይሬያለሁ። ያኔ ማታ ማታ ደብተር ላይ ሁለት ቁጥር ጽፌ አያቸው ነበር። በግራ በኩል የኔ የወቅቱ ደመወዝ፣ በቀኝ በኩል አዲሱ ሙያ ውስጥ አሥር ዓመት የቆየ ሰው ደመወዝ። ልዩነቱን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሸፍት ነበር። ስህተቴ እዚያው ደብተር ላይ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉትን ዓመታት አልጻፍኳቸውም። ውሳኔው ያለው ግን እነሱ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጓደኛሽ ዛሬ የምታገኘውን ለጊዜው ተይው። በመጀመሪያ የምትፈልጊው ቁጥር ያለው እዚያው ያለሽበት ሙያ ውስጥ ነው። ጡረታ ሊወጣ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የቀረው የላቦራቶሪ ባለሙያ ፈልጊና ስንት እንደሚያገኝ ጠይቂው። ያ ቁጥር ብትቀሪ የምትደርሺበት ጣሪያ ነው። ብዙ ሙያዎች ላይ ደመወዝ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ፈጠን ብሎ ያድግና ከዚያ ይዝላል። አንቺ 12 ዓመት ሠርተሻል፤ የፈረቃ ኃላፊም ሆነሻል። ምናልባት ከፊትሽ የቀሩት እርከኖች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይሆናሉ። ለማጣት የምትፈሪው የአገልግሎት ዘመን ወደፊት ስንት እንደሚያስገኝልሽ የምታውቂው ከዚህ ነው። የላብ ዋና ኃላፊ የመሆን ዕድል ካለሽ የዚያን ደመወዝ አስገቢበት። ማወዳደር ያለብሽ አዲሱን መንገድ ከዛሬ ደመወዝሽ ጋር ሳይሆን እዚያው ብትቀሪ ከምታገኚው ጥሩው ነገር ጋር ነው።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው፤ አንቺ በራስሽ ቁጥሮች ትተኪያቸዋለሽ። የዛሬውን የዓመት ደመወዝሽን 100 እንበለው። የዋጋ ንረትን ከሁለቱም ወገን አውጥተነዋል፤ ሁሉም በዛሬ የመግዛት አቅም ነው። ብትቀሪ ደመወዝሽ በየዓመቱ 2 ይጨምራል እንበል። ሁለተኛው ዓመት ላይ 102፣ አምስተኛው ላይ 108፣ አሥረኛው ላይ 118 ይሆናል።

ብትሄጂስ? የመጀመሪያውን ዓመት እየሠራሽ ትማሪያለሽ፤ መጨረሻ ላይ ለቅቀሽ ሦስት ወር ሥራ ትፈልጊያለሽ። የዘጠኝ ወር ደመወዝ 75 ነው፤ ለትምህርት 15 ብታወጪ እጅሽ ላይ 60 ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት በጀማሪ ደመወዝ 70 ታገኛለሽ። በሦስተኛው 78። በአራተኛው አንድ ደረጃ ከፍ ትያለሽ፣ ምናልባትም መሥሪያ ቤት ትቀይሪያለሽ፤ 95 ይሆናል። ከዚያ 110፣ 125፣ 138፣ 148፣ 156፣ በአሥረኛው ዓመት 162።

ከዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አውጪ። አንደኛው የዓመት ደመወዝሽ የድሮውን የሚያልፍበት ጊዜ ነው። በዚህ ምሳሌ አምስተኛው ዓመት ላይ፣ በ39 ዓመትሽ ነው። ሁለተኛው ጉድለቱ ተጠራቅሞ ስንት እንደሚደርስ ነው። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ 109 ይሆናል፤ ከአንድ ዓመት ሙሉ ደመወዝሽ ትንሽ ይበልጣል። ሦስተኛው ያ ጉድለት ተከፍሎ የሚያልቅበት ጊዜ ነው፤ ዘጠነኛው ዓመት፣ በ43 ዓመትሽ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ «በአምስት ዓመት አተርፋለሁ» ይላል። በአምስተኛው ዓመት ግን ገና ያጣሽውን መመለስ መጀመርሽ ነው።

ከ43 በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። በየዓመቱ የ44 ልዩነት ሳይለወጥ እስከ 60 ብትሠሪ ከ700 በላይ ይሆናል። የዛሬው ደመወዝሽ በሰባት ዓመት የሚያስገኘው ማለት ነው። ስለዚህ «ጊዜው አልፎብኛል ወይ?» ላልሽው፣ በ35 ዓመት ሂሳቡ አያልፍም። እኔ ግን ለውሳኔ የምጠቀመው የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አዲሱ ሙያ ምን እንደሚከፍል ማንም ሊምልልሽ አይችልም። ጉድለቱ በአሥር ዓመት ውስጥ ካልተከፈለ ለገንዘብ ብለሽ አትሂጂ።

የትኛው ቁጥር ነው ሂሳቡን የሚያናውጠው? ሰው ሁሉ የሚከራከረው በመጨረሻው ነው፤ «ሲኒየር ሲሆኑ ስንት ይከፈላል?» እያለ። በአሥረኛው ዓመት 162 ይሁን 180፣ ጉድለቱ የሚከፈልበትን ዓመት ፈቀቅ አያደርገውም። የሚያናውጡት ሁለት ናቸው፦ ያለ ደመወዝ የምትቆዪበት ጊዜና የመጀመሪያው ደመወዝ።

ሥራ ፍለጋው ላይ ሦስት ወር ብለን ያሰብነው አንድ ዓመት ቢጨመርበት ምን እንደሚሆን እይው። በሁለተኛው ዓመት ምንም አታገኚም፤ ሌላው ሁሉ በአንድ ዓመት ወደኋላ ይገፋል። ጉድለቱ ከ109 ወደ 217 ይወጣል። ተከፍሎ የሚያልቀው በ13ኛው ዓመት፣ በ47 ዓመትሽ ነው። አንድ ዓመት ሥራ መፍታት አራት ዓመት በላ ማለት ነው። ይህ በኔ ላይ ደርሷል። ሦስት ወር ይበቃኛል ብዬ ለቀቅኩ፤ 11 ወር ፈጀብኝ። በስምንተኛው ወር የቀረበልኝን የመጀመሪያ ደመወዝ አንድም ቃል ሳልደራደር ተቀበልኩ፤ የምከራከርበት አቅም አልነበረኝም። ሥራ ላይ ሆኜ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አልሆንም ነበር። ቅጥሩም እስኪጸድቅ ሌላ ሦስት ወር ወሰደ።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ደመወዝ፣ አንቺ «ከዜሮ» ካልሽው ነገር ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ቃል ነው።

የሚቀሩ ነገሮች እንዳሉ እውነት ነው። ማዕረጉ ይቀራል። እርከኑ ይቀራል። የተጨማሪ ዕረፍት ቀኖችሽ ይቀራሉ። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ መጨረሻ የገባው ቀድሞ የሚወጣበት ቦታ ብዙ ነውና ያ ጥበቃም ይቀራል፤ ይህን ሰው አያስበውም። የምታውቂው ነገር ግን አብሮሽ ይሄዳል። ዋጋ የሚያወጣው ግን የሚፈልገው ሰው ዘንድ ከወሰድሽው ብቻ ነው። የባንክ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ጋ ብትቀጠሪ 12 ዓመቱ ከንቱ ነው። እዚያ በእርግጥም ከዜሮ ትጀምሪያለሽ፤ ከ23 ዓመት ልጅ ጋር እኩል ተሰልፈሽ።

የላቦራቶሪ መረጃ ሥርዓት የሚሠራ ድርጅት ጋ ስትሄጂ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ናሙና ከታካሚው ክንድ ወጥቶ ውጤቱ ሐኪሙ ስክሪን ላይ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ አንቺ በእጅሽ ታውቂዋለሽ። የደሙ ሴሎች ቱቦው ውስጥ ከፈረሱ ፖታሲየም በሐሰት ከፍ ብሎ እንደሚታይ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ያንን ውጤት ዝም ብሎ መልቀቅ እንደሌለበት ታውቂያለሽ። የዛሬው ውጤት ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር ያለ ምክንያት ከዘለለ ቱቦዎቹ ተቀያይረው ሊሆን እንደሚችል ትጠረጥሪያለሽ። ሕይወት የሚያሰጋ ውጤት ሲወጣ ስልክ ተደውሎ፣ ማን እንደተቀበለው በስንት ሰዓት እንደሆነ መመዝገብ እንዳለበት ታውቂያለሽ። ጎበዝ ፕሮግራመር ይህን አያውቅም። ካልነገሩት ሠርቶ ይጨርስና ላብ ውስጥ ሲገባ ሥራውን ያበላሻል። ያኔ የሚፈለገው እንዳንቺ ያለ ሰው ነው።

እዚያ አካባቢ ያሉት የሥራ መደቦች ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። ሶፍትዌሩ ከመለቀቁ በፊት የሚፈትሽ ሰው አለ። ሥርዓቱን ሆስፒታል ገብቶ የሚያስጀምርና ሠራተኛውን የሚያሠለጥን አለ። ላቡ የሚፈልገውን ነገር ለፕሮግራመሮቹ የሚጽፍ ቢዝነስ አናሊስት አለ። ለነዚህ የሚያስፈልግሽ ፕሮግራሚንግ ከጀመርሽው ያነሰ ነው፤ ከዳታቤዝ መረጃ በሚወጣበት ቋንቋ፣ በኤስኪውኤል፣ መጠየቅና ዳታ ማገላበጥ ከቻልሽ ደህና መነሻ ነው። ውስጥ ከገባሽ በኋላ ወደ ፕሮግራመርነት መሻገር ከውጭ ሆኖ ከመግባት ይቀላል።

ይህን መንገድ በዚያው ሂሳብ እናስገባው። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ እየሠራሽ ማታ ትማሪያለሽ፤ ለትምህርት 8 ታወጪያለሽ፣ እጅሽ ላይ 92 ይቀራል። ሥራ የምትፈልጊው ሳትለቂ ነው። በሁለተኛው ዓመት እንደ ጀማሪ በ70 ሳይሆን በ88 ትገቢያለሽ። ከዚያ 96፣ 108፣ 118፣ 128። የተጠራቀመው ጉድለት ቢበዛ 30 ነው፤ የአራት ወር ደመወዝ እንኳ አይሞላም። ስድስተኛው ዓመት ሲያልቅ ሂሳቡ ተዘግቷል፤ ያኔ ገና 41 ዓመትሽ ነው።

ይህም መንገድ ወጥመድ አለው። «የላቧ ልጅ» ሆነሽ ልትቀሪ ትችያለሽ፤ ደንበኛ ሲደውል ስልክ አንሺ፣ የይለፍ ቃል የጠፋበትን እርጂ እየተባልሽ። እዚያ ደመወዝ ቶሎ ይቆማል። ምልክቱ ቀላል ነው። ከገባሽ ዓመት ከስድስት ወር በኋላ ያለፈውን አንድ ሳምንትሽን ጻፊው። ዳታ የነካሽበት፣ ዝርዝር የጻፍሽበት፣ ምን ይሠራ በሚለው ላይ ቃል የነበረሽ ሰዓት ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ወይ ቦታ እንዲቀይሩሽ ጠይቂ፣ ወይ ሌላ ድርጅት መፈለግ ጀምሪ። ከላይ ያየሽው የአራተኛው ዓመት ጭማሪ በዝምታ አይመጣም።

ወደ ድርጅቱ ስታመለክቺ ሲቪሽ ላይ «የፈረቃ ኃላፊ፣ 12 ዓመት» ብለሽ አትተይው። የሚያነበው ሰው ላብ ገብቶ አያውቅም። የሠራሽውን በሱ ቋንቋ ጻፊለት። ለምሳሌ፦ «በቀን ስንት ናሙና የሚስተናገድበትን ፈረቃ መርቻለሁ፤ ውጤት ከመለቀቁ በፊት የሚጣራበትን ደንብ ጽፌያለሁ፤ አዲስ የምርመራ ማሽን ሲገባ የድሮውና የአዲሱ ውጤት መመሳሰሉን ፈትሻለሁ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለሶፍትዌር ሰው ግልጽ ናት፤ የሱ ሥራ ነውና። ደመወዝ ስትጠየቂም መነሻሽ የላብ ዕውቀቱ የሚያስቀርላቸው ስህተት ይሁን።

አለቃሽ ልጅ ስለመሆኑ። ይህን አላቃልልብሽም። በአዲሱ ሥራዬ በሦስተኛው ቀን አለቃዬ፣ የ25 ዓመት ወጣት፣ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና የሠራሁትን መስመር በመስመር አስተካከለው። ጆሮዬ ጋለ። ማታ ቤት ገብቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ። ግን ልብ ያልኩት ነገር አለ። ልጁ ያረመኝ ትክክል ነበር፤ እኔም በማግስቱ ያንን ስህተት አልደገምኩትም። ያቃጠለኝ ሌላ ነበር፤ ምንም የማውቀው ነገር የሌለ መምሰሉ። ወር ሳይሞላ እሱ ራሱ የድሮ ሙያዬን የሚነካ ጥያቄ ይዞ መጣ። አንቺም የምታውቂው ነገር ወደሚፈለግበት ቦታ ከሄድሽ ይህ ቶሎ ይሆናል። ባዕድ ቦታ ከሄድሽ ላይሆን ይችላል። ይህም የደመወዙን ያህል ሊመዘን የሚገባው ነው።

አሁን የኔን ቁጥሮች በራስሽ ተኪያቸው። ለዚህ ጓደኛሽ አንዷ ብቻ አትበቃም፤ የተሳካለትን ሰው ብቻ ስንጠይቅ መንገድ ላይ የቀሩትን አንሰማም። ከ30 ዓመታቸው በኋላ የገቡና ገና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመታቸው ላይ ያሉ አራት አምስት ሰዎች ፈልጊ። የመጀመሪያ ደመወዛችሁ ስንት ነበር፣ ለማግኘት ስንት ወር ፈጀ፣ አብረዋችሁ ከተማሩት ስንቶቹ ገቡ ብለሽ ጠይቂ። በሂሳብሽ ውስጥ የምታስገቢው መልካሙን መልስ ሳይሆን ዝቅተኛውን ነው። ከዚያ 40 የሥራ ማስታወቂያ ቁጠሪ። ከሁለት ዓመት በታች ልምድ የሚጠይቁት ስንት ናቸው? አሥር ከሆኑ በር አለ። ሁለት ከሆኑ ደመወዙ የቱንም ያህል ቢያማልል ጀማሪ የሚቀበል ቦታ ጠቧል፤ የፍለጋ ጊዜሽን ረዘም አድርገሽ አስቢው።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ ስጋቱ በቃል አይለቅም። አንድ ነገር ልጠቁምሽ። በመጀመሪያው ምሳሌ በሁለተኛው ዓመት በየወሩ ከደመወዝሽ ሲሶ ያህሉ ይጎድላል። ያንን ኑሮ አሁኑኑ ኑሩት። ደመወዝሽ በገባ ቀን ሲሶውን ወደ ሌላ ሒሳብ አዛውሪና ቤቱን በቀረው አስተዳድሩ። የልጁ ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራዩ፣ ሕክምናው ሁሉ በዚያ ይለፍ። በሦስተኛው ወር ምን እንደሚያስቸግር ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ዓመት ከዘለቃችሁበት 33 ይጠራቀማል፤ በሁለተኛው መንገድ ላይ ካለው ሙሉ ጉድለት ይበልጣል። ባለቤትሽ ያኔ የሚያየው በባንክ ደብተር ላይ ያለ ገንዘብ ነው። ሦስት ወር እንኳ መዝለቅ ካቃታችሁ ደግሞ ሳትለቂ ማወቅሽ ይሻላል፤ ያኔ ረዘም ላለ ጊዜ ተዘጋጂ።

የመልቀቂያ ደብዳቤ የምታስገቢው የተፈረመ የቅጥር ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት የሰው ኃይል ክፍል ሄደሽ ሦስት ነገር አጣሪ። የጡረታ ወይም የፕሮቪደንት ፈንድ መብትሽ ሙሉ የሚሆነው መቼ ነው? ለሥልጠና የፈረምሽው የአገልግሎት ግዴታ አለብሽ ወይ? ስትወጪ የሚከፈልሽ ያልተጠቀምሽበት ዕረፍት ስንት ነው? አንዳንዴ አራት ወር መታገሥ የአንድ ዓመት ጉድለት ያህል ገንዘብ ያስቀራል።

የሙያ ፈቃድሽን አታቋርጪው። ቢያንስ ለሦስት ዓመት አሳድሺው፤ የሚጠየቀውን ተከታታይ ሥልጠናም ውሰጂ። ሆስፒታልሽ ቅዳሜና እሑድ የትርፍ ሰዓት ተረኛ የሚቀጥር ከሆነ፣ አዲሱ ቀጣሪሽም ከፈቀደ፣ በወር ሁለት ፈረቃ መያዝ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚጎድለውን ይደጉማል። አዲሱ ነገር ባይሆን የምትመለሺበት በርም ክፍት ይቆያል። ፈቃድሽ የሚታደስበትን ቀን አሁን ተመልክተሽ ካሌንደርሽ ላይ ጻፊው፤ ከዚያ ያንን ጡረታ የቀረበ ባልደረባሽን ሻይ ጋብዢና የደመወዙን ነገር ጠይቂው።